የሐዳሳ የመጀመሪያ አምስት ደቂቃ

ሐዳሳ ወደ ትምህርት ቤታችን ስትመጣ አልወደድኳትም። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው በዚህ የግል ትምህርት ቤት ሂሳብ ሳስተምር ጸጉሬ ሸብቷል። ልጆቹም መምህራኑም ጋሽ ክብሩ ይሉኛል፤ በሻይ ሰዓት የምቀመጥባት ወንበር ሳትቀር የታወቀች ናት። እሷ ግን ገና የሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች፣ ጠቅላላ ሳይንስ ልታስተምር የተቀጠረች ልጅ፣ ከወንበሬ አጠገብ ሌላ ወንበር ስባ ትቀመጥና ክፍል ስገባ መጀመሪያ የምለው ምን እንደሆነ ትጠይቀኛለች። መጀመሪያ ምን እላለሁ? ተቀመጡ እላለሁ። ይህን ስነግራት ስቃ የምትተወኝ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ቀጥሎስ ብላ ጠየቀችኝ። ሻዬ በረደ።

ያደገችው እዚሁ ከተማ፣ ታቦር ነው። እናቷ አንድ ቢሮ ውስጥ መዝገብ ቤት ትሠራለች፤ ሐዳሳ ደግሞ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ጀምሮ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ሕፃናትን ታስተምር ነበር። እዚያ ወንበር የለም፣ ፈተና የለም፣ ወላጅ መጥራትም የለም። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ አፍሽን ስትከፍቺ ካልያዝሻቸው ተነሥተው ወደ ግቢው ይወጣሉ። እንዲህ ነበር የምትለው፤ እኔም በሆዴ፣ እኛ ጋ በር ይዘጋል እል ነበር።

እኛ ጋ ትምህርት የሚጀመርበትን መንገድ ላላየው ሰው ልንገር። ተማሪው ከክፍሉ አይወጣም፤ የሚዞረው መምህሩ ነው። ደወል ሲደወል አንዱ መምህር ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ሰሌዳው ላይ ያለፈው መምህር ጽሑፍ አለ፤ ዳስተሩ ጠፍቷል፤ የክፍሉ አለቃ ሊፈልግ ይሮጣል። ስም ይጠራል። አንዱ አቤት ይላል፣ አንዱ ለጓደኛው አቤት ይላል። ከዚያ መምህሩ እጁን እያራገፈ "ባለፈው ክፍለ ጊዜ ምን ተማርን?" ይላል። ፊት የተቀመጡት ሁለት ሦስት ልጆች ርዕሱን ይጮኹታል፤ የቀረው ክፍል መስኮት ያያል። መምህሩ "ጎበዞች" ይልና ወደ ዛሬው ርዕስ ይገባል። በዕለታዊ የትምህርት ዕቅዳችን ላይ "መግቢያ" የሚል ሣጥን አለ፤ ጎኑ አምስት ደቂቃ ይላል። ሁላችንም እዚያ የምንጽፈው አንድ ነገር ነው፦ ያለፈውን ትምህርት መከለስ። ካለፈው ዓመት ዕቅድ ላይ የሚገለበጥ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንብቦት የሚያውቅ ሰው ያለም አይመስለኝም።

ያነበበው ሱፐርቫይዘሩ አቶ ወልደጻድቅ ነው። ድምፁ የማይሰማ፣ ሲቆጣም ሲያመሰግንም ፊቱ የማይለወጥ ሰው ነው። የሐዳሳን 7ኛ ሐ ሊመለከት ገብቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። 7ኛ ሐን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በግቢው ውስጥ ጩኸት ከተሰማ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሐዳሳ ዳስተር ስታስፈልግ፣ ስም ስትጠራ፣ ዝም በሉ ስትል የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አለቀ። ትምህርቱን ስትጀምር ልጆቹ ከእሷ ጋር አልነበሩም፤ እስከ መጨረሻውም አልመጡም። አቶ ወልደጻድቅ የሰጣት ውጤት ዝቅተኛ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ ነገራት። ሱፐርቫይዘሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ያንኑ ክፍል ያያል። ካልተሻሻለ 7ኛ ሐ ለሌላ መምህር ይሰጣል፤ የእሷም ውል አይታደስም። እኔንም ጠራኝና ትምህርት ክፍሉን ወክዬ ኋላ ተቀምጬ አብሬ ነጥብ እንድሰጥ አዘዘኝ። ወጥመድ ሲዘረጋባት እንደ ረዳ ሰው ሆኜ ወጣሁ።

በማግስቱ መጥታ ወንበሯን ሳበች። ዓይኗ አብጧል፤ ግን አላለቀሰችብኝም።

"ጋሼ፣ የጠፋብኝ ትምህርቱ አይደለም" አለችኝ። "መጀመሪያው ነው። ትምህርቱን ያለ እነሱ ነው የምጀምረው።"

እኔ መጀመሪያ የሰጠኋት ምክር የድሮ መምህር ምክር ነበር፦ አንድ ሁለቱን በደንብ ተቆጪ፣ ቀሪው ይገባዋል። ጨዋ ናትና አልመለሰችልኝም። ዳስተሯን ግን በዚያው ሳምንት ቦርሳዋ ውስጥ መያዝ ጀመረች። ለክፍሉ አለቃ፣ ደወሉ እንደተደወለ እኔ ሳልደርስ ሰሌዳውን አጥፋ አለችው። ስም መጥራቱን ልጆቹ የራሳቸውን ሥራ ሲጀምሩ በዓይኗ እየቆጠረች የምታደርገው ነገር አደረገችው። ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ከአምስቱ ደቂቃ የሚሰረቀውን ማስመለስ ነው። የተመለሰውን በምን እንደምትሞላው ነበር ችግሩ።

በምልከታው ቀን የሚሰጠው ትምህርት ስለ እፍግታ ነው፤ አንድ ነገር በያዘው ቦታ ውስጥ ምን ያህል ቁስ ታጭቋል የሚለው ማለት ነው። ልጆቹ መጠነ ቁስንና ይዘትን ለየብቻ ተምረዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ነው እፍግታ የሚመጣው። መጽሐፉ በትርጉም ይጀምራል፣ ቀመር ያስከትላል። ሐዳሳ ግን ልጆቹ ስለ መስመጥና ስለ መንሳፈፍ በራሳቸው ውስጥ የያዙት ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ የሐይቅ ከተማ ልጆች ናቸው። ያንን ሳታወጣው ቀመሩን ብትጽፍ፣ ቀመሩ ደብተር ላይ ይቀራል፣ የያዙት ደግሞ ጭንቅላታቸው ውስጥ ይቀራል አለችኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ በሌላው ክፍሏ በ7ኛ ሀ ሞከረችው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ስለሚያዩአቸው ጀልባዎች እስቲ ንገሩኝ አለቻቸው። ነገሯት። አንዱ አጎቱ ስለያዘው ዓሣ፣ አንዷ ስለ ወደቀባት ጫማ፣ ሌላው ጉማሬ አየሁ ብሎ፣ ሌላው አላየህም ብሎ፤ ክፍለ ጊዜው ሊጋመስ ሲል ማንም ስለ መስመጥ አላነሣም። ልጆቹ ተደስተዋል፤ ስለ ትምህርቱ ግን አንድ ነገር አላሰቡም። ስትመጣ ሳቅኩባት። እሷ ግን ስህተቷን ቁጭ ብላ ትፈታው ነበር፦ ጥያቄው በጣም ሰፊ ነበር፣ የሚያውቁትን ሁሉ ጠርታ የምትፈልገውን አልጠራችም።

ቀጥሎ ብርቱካን መጣ። ያልተላጠ ብርቱካን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ልጣጩ ቢነሣለት ክብደቱ ይቀንሳል፤ ያኔ ግን ይሰምጣል። ልጣጩ በውስጡ አየር የያዙ ቀዳዳዎች አሉትና ከውሃ የቀለለ ነው፤ ልጣጩ ሲነሣ የሚቀረው ለያዘው ቦታ ከውሃ ትንሽ የከበደ ነው። ከባድ ነገር ይሰምጣል፣ ቀላል ነገር ይንሳፈፋል ብሎ የሚያስብ ልጅ ይህን ሲያይ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም። በ7ኛ ለ ሞከረችው። ግን ብርቱካኑን ክፍሉ ፊት ቆማ መላጥ ጀመረች፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ ከምሳ በፊት ያለው ክፍለ ጊዜ ነበር። ለኔ ስጪኝ ለኔ ስጪኝ ሆነ። ሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነበር፤ ሁሉም ግን የሚያየው መብሉን ነው።

እዚህ ላይ ነው እኔም ነገሩ የገባኝ፤ ወደድኩም ጠላሁም። ልጅ እንዲያይህ ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ የምታስተምረውን እንዲያይ ማድረግ ሌላ ነገር። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ጠረጴዛ ስመታ የማገኘው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ይህን አልነገርኳትም፤ ሻይዋን ግን እኔ ቀዳሁላት።

ለምልከታው ያዘጋጀችው ዕቅድ እንዲህ ሆነ። የአምስት ሊትር ውሃ የሚሸጥበትን ጥርት ያለ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጣ፣ ኋላ ያለው ልጅም እንዲያየው ጠረጴዛው ላይ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ታስቀምጠዋለች። ክፍል ስትገባ ምንም ሳትናገር አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፦ አንድ ነገር ውሃ ውስጥ የሚሰምጠው ለምንድን ነው? እያንዳንዱ ልጅ በየደብተሩ አንድ መስመር ይጽፋል። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም በአማርኛም በሲዳምኛም መጻፍ ይቻላል፤ የያዙት ነገር ያለው በቤታቸው ቋንቋ ነውና። ከዚያ ለጎረቤቱ ያሳያል። ከዚያ ብርቱካኑን ትጥለዋለች፣ ይንሳፈፋል። ልጣጩ ሲነሣ ምን እንደሚሆን ሁሉም አስቀድሞ እንዲወስን እጅ ታስወጣለች። ቀድማ ስለ ፈለቀቀችው ልጣጩ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ትጥለዋለች፤ ይሰምጣል። ትክክል ናችሁ፣ ተሳስታችኋል አትልም። ጥያቄው ሳይዘጋ ወደ ትምህርቱ ትገባለች።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ በባልዲ ውሃ ስትሞክረው ሁላችንም ከበብናት። የመጀመሪያው ሳይሰምጥ ቀረ፤ ነጩ ሽፋን በደንብ አልተነሣለትም ነበር። ሌላ ላጠች፤ ሰመጠ። ሌላም ደገመች። እትዬ ሽታዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታይ ነበር። እትዬ ሽታዬ የ7ኛ ሐ ክፍል ኃላፊ፣ የአማርኛ መምህርት፣ ለሰው የሚጨነቅ አንጀት ያላት ሴት ናት። ሐዳሳን እንደ ልጇ ትወዳታለች። ያን ቀን ከሁላችንም በላይ ደስ ያላት እሷ ነበረች፤ ደስታዋ ምን እንደሚያመጣ ግን ማናችንም አላሰብንም።

የምልከታው ቀን ጠዋት ሐዳሳን በር ላይ አገኘኋት። ብርቱካኖቹን በፌስታል ይዛ፣ ከንፈሯን እየነከሰች። ጠጋ ብዬ ምን ተሰማሽ አልኳት። ልጆቹ የሚሳሳቱ ከሆነ ይሳካል አለችኝ። እንዲህ ያለ ጸሎት ከመምህር አፍ ሰምቼ አላውቅም።

አቶ ወልደጻድቅ ቀድሞ ገብቶ ኋላ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰሌዳው ጸድቷል። ልጆቹ እንደዚያ ጸጥ ብለው አይቻቸው አላውቅም፤ ጸጥታው ራሱ አላማረኝም። ሐዳሳ ገባች፣ ፕላስቲኩን አስቀመጠች፣ ጥያቄውን ጻፈች። ጥያቄው ሳያልቅ ጽፈው የጨረሱ ልጆች ነበሩ። ቀና ብዬ በቅርቤ ያለውን ደብተር አየሁ፤ "እፍግታ ስለሚበልጥ" ይላል። ገና ያልተማሩትን ቃል።

ብርቱካኑን ጣለችው፤ ተንሳፈፈ። ማንም አልተነቃነቀም። አንሥታ ያዘችውና "ልጣጩ ሲነሣ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?" አለች። ሁሉም እጅ ወጣ። አንድ የቀረ የለም። ከመካከላቸው አንዱ መቆጣጠር አቃተው፣ "ይሰምጣል" አለ፤ ክፍሉም አንድ ላይ "ይሰምጣል" አለ።

እጆቹን አየሁ። ገሚሱ ቀኝ፣ ገሚሱ ግራ።

ይህን ምልክት ያረጀ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። ተመልካች ሲመጣ ልጆቹ ቀድመው ይመከራሉ፦ ሁላችሁም እጅ አውጡ፣ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። ተመልካቹ በእጅ ብዛት ይደነቃል፤ መምህሩም ቀኝ ቀኙን እየመረጠ ይጠይቃል። እኔ ራሴ ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ ከተማ አይቼዋለሁ። ሐዳሳ ግን አልመከረቻቸውም፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ድንጋጤ የመከረ ሰው ድንጋጤ አልነበረም። ወዲያው እትዬ ሽታዬ ትዝ አለችኝ፤ ትናንት የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የእሷ ነበር። ልጅቷ እንዳትዋረድ ብላ፣ በፍቅር፣ መልሱን ከነቃሉ ነግራ፣ ያልገባው ግራውን እንዲያወጣ መክራቸዋለች።

ምን ያህል እንደ ጠፋ የገባኝ ያኔ ነው። መግቢያው በሙሉ የቆመው ልጆቹ የራሳቸውን ሐሳብ አውጥተው ከዓይናቸው ጋር ሲጋጭ በማየታቸው ላይ ነው። አሁን የሚጋጭ ነገር የለም። ብርቱካኑ ቢሰምጥም የነገሯቸው ሆነ ማለት ብቻ ነው። ከዚያ የከፋው ደግሞ አቶ ወልደጻድቅ ነው። እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አንሥቶ የልጆቹን እጅ ያይ ነበር፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ያውቃል። የተቀነባበረ ክፍል ብሎ ከጻፈ ሐዳሳ በአለመቻል ሳይሆን በማታለል ነው የምትባረረው።

ሐዳሳ ብርቱካኑን እንደያዘች ቆመች። ልጆቹ እጃቸው ደክሞት ሲወርድ፣ እንደገና ሲወጣ አየሁ። በሆዴ፣ ቀጥዪ፣ ብቻ ዝም ብለሽ ቀጥዪ እላለሁ። ቀኝ እጆቹን ብትጠይቅ ሁሉም አምሮ ያልቃል፤ እፍግታ ይሉላታል፣ ሰሌዳው ላይ ትጽፈዋለች፣ ነጥቡንም እኔ እሞላላታለሁ።

"ቀኝ እጃችሁን ያወጣችሁ አውርዱ" አለች።

አወረዱ።

"ግራችሁን ያወጣችሁ እንዳለ ይሁን። ዛሬ የምፈልገው እናንተን ነው።"

ግራ እጅ ያወጡት ልጆች ቀሉ፣ ጠቆሩ። ግማሾቹ ቀስ ብለው ሊያወርዱ ሞከሩ። ያ ምልክት ከመጠየቅ ሊያድናቸው ነበር የተሰጣቸው፤ እሷ ግን ልክ እነሱን መረጠች። አቶ ወልደጻድቅ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ።

ብርቱካኑን ላጠችው። ውሃ ውስጥ ግን አልጣለችውም። ከፈለችው፤ ከውስጡ አንዲት ክፋይ አወጣች፤ ነጫጭ ክሯን በጥፍሯ አንድ በአንድ አነሣችላት። ከዚያ ከፌስታሉ ሌላ፣ ያልተላጠ ትልቅ ብርቱካን አውጥታ በሌላው እጇ ያዘች። ይህን በዕቅዷ ላይ አላየሁትም። ባልዲ ላይም አልሞከረችውም፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ክፋይዋ ከተንሳፈፈችባት አለቀላት።

ትልቁን ጣለችው፤ ተንሳፈፈ። ትንሿን ክፋይ ከውሃው በላይ ይዛ፣ እጅ ማውጣት የለም፣ ሁላችሁም ጻፉ አለች። አንድ ቃል ብቻ፤ ትሰምጣለች ወይስ ትንሳፈፋለች። ስለዚህኛው የነገራችሁ ሰው የለም፣ እኔም አልነገርኳችሁም አለች። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አጎንብሰው የምር ማሰብ ጀመሩ። አንዱ ጽፎ ሰረዘ። ሁለት ልጆች በሲዳምኛ መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ ዝም በሉ አላለቻቸውም።

ከዚያ ለጎረቤታችሁ አሳዩ አለችና በመደዳዎቹ መካከል እየተዘዋወረች ደብተሮቹን አየች። እኔም ተንጠራርቼ አየሁ። ብዙዎቹ ትንሳፈፋለች ብለዋል። ትንሽ ናት፣ ቀላል ናት።

ተመልሳ ክፋይዋን ለቀቀቻት። ክፋይዋ ውሃው ላይ ነካ አድርጋ ቆመች። ከጎኗ አንዲት የአየር አረፋ ወጣች፤ ክፋይዋም ቀስ ብላ፣ ዞር እያለች፣ ታች ወረደች። ትልቁ ብርቱካን ከላይ ተንሳፍፎ ይታያል፤ ትንሿ ክፋይ ከታች ተኝታለች።

ኋላ ያሉት ልጆች ሳይፈቀድላቸው ተነሥተው ቆሙ። ሐዳሳ ምንም አላለችም። ዝምታውን እንደዚያ ረጅም ጊዜ የቻለ መምህር አላየሁም፤ እኔ ብሆን ሦስት ጊዜ አብራርቼ ነበር።

በመስኮቱ በኩል ግራ እጅ ወጣ። ኢያኤል ናት። አባቷ አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ልጅቷ በእኔ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ሐዳሳ በአገጯ ጠራቻት። ኢያኤል ብድግ አለች፤ ደብተሯን እንደ ጋሻ ይዛዋለች።

"ከባድ ነገር ይሰምጣል ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ ቲቸር" አለች። "ግን የአባቴ ጀልባ ከዚያ ብርቱካን ይከብዳል። መረቡ ላይ የሚያስራት የእርሳስ ብረት ግን ትንሽ ናት፣ እሷ ትሰምጣለች። ታዲያ ክብደቱ ካልሆነ ምንድን ነው?"

ሐዳሳ ጥያቄውን ልጅቷ እንዳለችው፣ አንድ ቃል ሳትለውጥ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ከላይ የነበረውን የራሷን ጥያቄ አጠፋች። ዛሬ የምንመልሰው ይህን ነው አለች። በ7ኛ ሀ የጀልባውን ወሬ ራሷ ጠርታው አልሠራላትም ነበር፤ አሁን ግን ጀልባው ራሱ፣ በሰዓቱ፣ በትክክለኛው በር ገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን ትምህርት አልተርክም። መጠነ ቁስን ለይዘት ስታካፍል ልጆቹ ለምን እንደምታካፍል ያውቁ ነበር፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ደወሉ ሲደወል ሦስታችን ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድን። ርዕሰ መምህሩ አልነበረም። አቶ ወልደጻድቅ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በዚያች በማትሰማ ድምፁ ጀመረ።

"ልጆቹ ተነግሯቸዋል።"

"አዎ" አለች ሐዳሳ።

"አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?"

"አይደለሁም።"

"ማን ነው?"

ወደ እኔ አላየችም፣ ወደ በሩም አላየችም። እኔ አፌን ልከፍት ስል በአንድ እጇ ልብሴን ጎተተችኝ። ሱፐርቫይዘሩን አክብሬ እንጂ፣ ያን ሰዓት ተነሥቼ የእትዬ ሽታዬን ስም ልጠራ ነበር። የነገራቸው ሰው እኔን ሊረዳ ብሎ ነው፣ ስሙን አልናገርም፣ ጥፋቱን በእኔ ላይ ይጻፉት አለችው ሐዳሳ። እንዲህ ስትል ውሏን በራሷ እጅ እየቀደደች መስሎኝ ተናደድኩባት። እውነቴን ነው፣ በጣም ተናደድኩ።

አቶ ወልደጻድቅ ረጅም ጊዜ ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን አዙሮ ሰጣት። በመግቢያው ሰዓት አጠቃቀም ላይ ዝቅተኛ ሰጥቷታል፤ አምስት ደቂቃ ተብሎ ሌላ ያን ያህል ስለ ጨመረች። ስትከራከር አልሰማሁም፤ እውነቱ ነው። ከታች አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ ላይ ግን ክፍሉ በእሷ እጅ ይቀጥል የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ብድግ ብሎ ኮቱን ሲያስተካክል ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

"እኔም ድሮ ግራ እጄን ነበር የማወጣው" አለ። "የጠየቀኝ መምህር ግን አልነበረም።"

እትዬ ሽታዬ የሆነውን ስትሰማ ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ እያለቀሰች ሐዳሳን አቀፈቻት። ሐዳሳም አለቀሰች። እኔ ሻይ ጠጣሁ፤ ሁለት ሴቶች ሲላቀሱ ሌላ ምን ይደረጋል። ብርቱካኖቹን ግን ሦስታችን ተካፍለን በላናቸው።

በሳምንቱ 7ኛ ሐ ለሂሳብ ገባሁ። ስም ጠራሁ፣ እጄን አራገፍኩ፣ እንደ ልማዴ ባለፈው ክፍለ ጊዜ ምን ተማርን አልኩ። ፊት ያሉት ሁለቱ ርዕሱን ጮኹት። ጎበዞች ልል አፌን ስከፍት በመስኮቱ በኩል እጅ ወጣ። ተመልካች የለም፤ የሚታለል ሰው የለም። ኢያኤል ናት፤ ያወጣችው ግራ እጇን ነው፤ ከእሷ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ግራ እጅ ወጣ። ጠመኔዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"እሺ" አልኩ፣ "ከእናንተ እንጀምር።"